የዘጠነኛው ሳምንት እጣ

ዛሬ ማታ አዲሱ ፍሪዘር ሲያጉረመርም እየሰማሁ ነው የምጽፈው። ቀረሶውን ጠዋት ከታንኳ ስረከበው ዓይኑ ያበራል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይደበዝዛል፣ ስንጥቡም ከቀይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። ስንት ቀን በግማሽ ዋጋ ሸጬ ገብቻለሁ!

መጀመሪያ ያጠራቀምኩት ባንክ ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም አወጣሁት፤ አንዴ ለልጄ ትምህርት ቤት፣ አንዴ ለዘመድ ሠርግ። የሚከለክለኝ አልነበረም፤ የጎዳኝም እሱ ነው። ስለዚህ ከገበያችን ሰዎች ጋር ዕቁብ ገባሁ፤ 30 ሰው፣ በሳምንት 1,500 ብር፣ እጣው 45,000።

የዕቁብ ነገር ተራው ሲደርስ ይለያል። በሦስተኛው ሳምንት የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ፤ በሠላሳኛው የወጣለት ያለ ወለድ አበደረ። ያንኑ ገንዘብ በዓመት 7 በመቶ ወለድ የሚከፍል ባንክ በየሳምንቱ ባስገባው እስከ መጨረሻው የሚወልደው 900 ብር ገደማ ነው። እኔን ያስፈራኝ ግን የፍሪዘሩ ዋጋ ነበር። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዕቁቡን ስንጀምር 39,000 የነበረው በዘጠነኛው ሳምንት 42,500 ደረሰ።

በዚያ ሳምንት እጣው አጠገቤ በርበሬ ለምትሸጠው እናት ወጣ። እሷ ገንዘቡን የምትፈልገው ለመስቀል ነበር። እጣዋን በ2,000 ብር ገዛኋት፤ የእኔ ሲወጣ የእሷ ይሆናል። ከቀረኝ 43,000 ላይ ፍሪዘሩን ከፍዬ በ500ው በጋሪ አስመጣሁት። ለባንኩ ወለድ ስስት ኖሮኝ ብጠብቅ ኖሮ ዋጋው ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

ዳኛው ግን ገንዘቡን እንዲሁ አልሰጡኝም። «ሁለት ዋስ አምጣ፤ ገና ያልወጣላቸው ይሁኑ» አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔ ብጠፋ የሚቆረጠው ከዋሶቼ እጣ ነው። ባለፈው ዙር በአራተኛው ሳምንት የወጣለት አንድ ሰው ነበር። መጀመሪያ የእሑዱን ክፍያ ረቡዕ አመጣ፤ ቀጥሎ ልጁን የክፍያውን ግማሽ አስይዞ ላከ፤ ከዚያ ሱቁን ዘጋ። ረቡዕ ላይ ነበር መጠርጠር የነበረብን።

አሁን 21 ሳምንት ይቀረኛል። ማዕበል ሲነሳ ታንኳ አይወጣም፣ ዕቁብ ግን ማዕበል አያውቅም። ስለዚህ ያንን የተውኩትን የባንክ ደብተር መልሼ አወጣሁት፤ በሠራሁባቸው ስድስት ቀናት 250፣ 250 ብር አስገባለሁ፣ ቅዳሜ አወጣዋለሁ። ካርዱን እናቴ ዘንድ አስቀምጫለሁ። ትናንት ሌላ ነገር ልገዛበት ብጠይቃት «ቅዳሜ ነው እንዴ?» ብላ ቡናዋን መቁላት ቀጠለች።