ችርቻሮውን ሁሉ ጅምላ ያደረገው መስመር

ኮምቦልቻ ውስጥ ሳሙናና ዘይት የሚያከፋፍል አንድ መደብር የሚሠራበትን፣ ሌላ ባለሙያ በሲ የጻፈውን የሽያጭ ፕሮግራም እንዳይ የተጠራሁት የችርቻሮ ደንበኞችም የጅምላ ቅናሽ ስለሚያገኙ ነበር። የ2000 ብር ዕቃ የገዛ ሁሉ 1900 ይከፍላል። ኮዱን ተቀብዬ `-Wall` ጨምሬ በጂሲሲ ባጠናቅረውም አንድም ማስጠንቀቂያ አልወጣም።

ከቅናሹ በታች የደንበኛውን ዓይነት የሚያትም መስመር ጨመርኩ፤ 1 ችርቻሮ፣ 2 ጅምላ ሲሆን ለሁሉም የታተመው 2 ነው። ይህ ጣት የሚቀስረው መዝጋቢዋ ላይ ነበር። እሷ ግን የእጅ መዝገቧን ዘርግታ «ወንድሜ፣ እኔ 1 ብዬ ነው ያስገባሁት፤ ይኸው እይ» አለችኝ። ያንኑ የማተሚያ መስመር ከ`if` ሁኔታው በላይም ስደግመው አዲስ የተመዘገበ ደንበኛ ከላይ 1፣ ከታች 2 ሆነ። በመሃል ያለው ይህ ብቻ ነው፦

```c
if ((k->type = 2))
    total = total - total / 20;
```

አንዱ `=` አያነጻጽርም፤ 2ን ዓይነቱ ላይ ይጽፋል፤ የአገላለጹም ዋጋ ያው የተጻፈው 2 ይሆናል። ሲ ደግሞ ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ እውነት ስለሚል ቅናሹ ማንንም አያልፍም። የተጻፈው 0 ቢሆን ኖሮ በተቃራኒው ቅርንጫፉ ከቶ አይሠራም ነበር።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ተጨማሪው ቅንፍ ነው። ጂሲሲ በአንድ ቅንፍ ለተጻፈ እንዲህ ላለ ሁኔታ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ይህ ነው፦

```
suggest parentheses around assignment used as truth value
```

የቀድሞው ባለሙያ ምክሩን ቃል በቃል ፈጽሞ ቅንፍ ደረበ፤ ጂሲሲም ድርብ ቅንፍን «ሆን ብዬ ነው» ብሎ ስለሚያነበው ዝም አለ። ስለዚህ ይህን መልእክት ስታዩ፣ ኮምፓይለሩ ምንም ቢመክር፣ ቅንፍ ከመጨመር በፊት `==` ማለት ፈልጋችሁ እንደነበር አጣሩ። በተረከባችሁት ኮድ ውስጥ ደግሞ `if ((` የሚለውን በ`grep` ፈልጉ።

ብዙዎች ቁጥሩን አስቀድሞ `2 == k->type` ብሎ መጻፍን ይመክራሉ። አንዱ ምልክት ቢረሳ ማጠናቀሩ ስለሚቆም ይረዳል፤ ሁለት ተለዋዋጮች ሲነጻጸሩ ግን ምንም አይፈይድም። እኔ የምመርጠው ደንበኛውን ለማንበብ ብቻ በሚቀበል ፈንክሽን ላይ ተቀባዩን `const struct customer *k` ብሎ ማወጅ ነው፤ ያኔ ስህተቱ በስንት ቅንፍ ቢሸፈን ኮዱ አይጠናቀርም።

ምልክቱን ማረም ቅናሹን ለአዳዲሶቹ ደንበኞች አስተካከለ። ፕሮግራሙ ግን ከእያንዳንዱ ሽያጭ በኋላ የደንበኛውን መረጃ ወደ ፋይል ይመልስ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ የገዛ የችርቻሮ ደንበኛ ሁሉ በፋይሉም ውስጥ ጅምላ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ የትኛው 2 እውነተኛ እንደሆነ ከፋይሉ መለየት አይቻልም። ከመዝጋቢዋ የእጅ መዝገብ ጋር ስም በስም አስተያየን፤ መዝገቡ ውስጥ ያልነበሩትን ደግሞ እሷ ራሷ ስልክ እየደወለች ጠየቀቻቸው።