የለጋሽ ገደብና የፕሮጀክት በጀት፦ ድሬዳዋ ላይ በኢአርፒ ለየብቻ ያስቀመጥንበት መንገድ

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ የአገር በቀል ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ነው። ሥራችን በብዛት ቢዮ አዋሌና ዋሂል አካባቢ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው፦ ውሃ፣ ትምህርት ቤት፣ ስልጠና። አንድ ፕሮጀክት ሁለት ሦስት ለጋሽ ይኖረዋል። አንድ ለጋሽም ሁለት ሦስት ፕሮጀክት ውስጥ ይገባል። ገንዘቡ ደግሞ አብዛኛው አንድ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ኢአርፒኔክስት ሶፍትዌር ስንዞር እኔ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። በማንኛውም ቀን ባንክ ውስጥ ካለው ብር ውስጥ የማን ስንት እንደሆነ፣ ለምን ሥራስ እንደተፈቀደ ሲስተሙ ይነግረኛል ወይ?

ብዙ ድርጅቶች ይህን የሚፈቱት የሂሳብ መደቡን በማብዛት ነው። «ነዳጅ ለጋሽ ሀ»፣ «ነዳጅ ለጋሽ ለ»፣ «ውሎ አበል ለጋሽ ሀ» እያሉ ይቀጥላሉ። አዲስ ግራንት በመጣ ቁጥር ሠላሳ አርባ አዲስ ሂሳብ ይከፈታል። ግራንቱ ሲያልቅ ሂሳቡ አይጠፋም፤ ታሪክ ስላለው አይሰረዝም። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ «በአጠቃላይ ለነዳጅ ስንት ወጣ?» ሲባል በእጅ መደመር ይመጣል።

እኛ እያንዳንዱን ወጪ በሦስት ጥያቄ ለየነው። ምን ተገዛ? ይህ የሂሳብ መደቡ ሥራ ነው፤ ነዳጅ ሁልጊዜ ነዳጅ ነው። ለየትኛው ሥራ? ይህ `Project` ነው። በማን ገንዘብ? ይህ ፈንድ ነው። ፈንዱን በ`Accounting Dimension`፣ ማለትም በእያንዳንዱ ምዝገባ ላይ በሚጻፍ ተጨማሪ መለያ በኩል `Fund` ብለን ጨመርነው። ከሱ ስር `Budget Line` የሚባል ሌላ ዳይሜንሽን አለ፤ ለጋሹ በውሉ ላይ የፈረመበትን የበጀት መስመር ይይዛል። ይህን ለብቻው ማድረግ የግድ ነው፤ ምክንያቱም የለጋሾች መስመር እርስ በርሱ አይገጥምም። ያው ነዳጅ አንዱ ጋ «ትራንስፖርት» ውስጥ ነው፣ ሌላው ጋ «የመስክ ክትትል» ውስጥ ነው።

ዳይሜንሽኑን ስትከፍቱ `Mandatory For Profit and Loss Account` እና `Mandatory For Balance Sheet` የሚሉ ሁለት ምልክት ማድረጊያዎች አሉ። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ያደርገዋል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይተወዋል። የኔ አቋም ግን ዋናው ሁለተኛው ነው የሚል ነው። ወጪ ላይ ብቻ ፈንድ ከተጻፈ የወጪ ሪፖርት ይኖራችኋል እንጂ የፈንድ ሂሳብ አይኖራችሁም። ባንኩ፣ የሠራተኛው ቅድመ ክፍያ፣ የአቅራቢው ተከፋይ ሂሳብም ፈንድ ሊኖራቸው ይገባል። የግዢ ባልደረባችን ይህን ስነግረው «አቦ፣ ገንዘቡ ከአንድ ባንክ ነው የሚወጣው፤ የማን እንደሆነ ምን ለየው?» አለኝ። የሚለየው ይሄው መዝገብ ብቻ ስለሆነ ነው አጥብቄ የያዝኩት።

የበጀት መስመሩና ፈንዱ እንዳይጣረሱ ደግሞ አጭር `Server Script` ጻፍን። ጆርናል ላይ `Before Submit` ሲሆን ይሠራል፦

```python
for r in doc.accounts:
    if r.budget_line:
        f = frappe.db.get_value("Budget Line", r.budget_line, "fund")
        if f != r.fund:
            frappe.throw("የበጀት መስመሩ የዚህ ፈንድ አይደለም")
```

የግዢ ደረሰኝ ላይ ደግሞ `doc.accounts` የሚለው `doc.items` ይሆናል። በዚያው መንገድ የደረሰኙ ቀን ከግራንቱ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ውጭ ከሆነ እንዲከለክል ጨመርንበት። የቀን ገደብ በበጀት አይታይም። መስመሩ ላይ 90,000 ብር ቀርቶ ግራንቱ ትናንት አልቆ ሊሆን ይችላል።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደወሰደብን ነገር ልምጣ።

ሲስተሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሙከራ ዳታ ላይ አንድ የተለመደ ግዢ አስገባን። ከአንድ ሱቅ በአንድ ደረሰኝ የ180,000 ብር ዕቃ። 120,000 የውሃ ቧንቧ ነው፣ በፈንድ ሀ። 60,000 የስልጠና ዕቃ ነው፣ በፈንድ ለ። እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ትክክለኛውን ፈንድ ጻፍን። ከላይ በደረሰኙ ራስጌ ያለው ፈንድ ደግሞ ሀ ነበር። ደረሰኙ ያለምንም ችግር አለፈ። ጠቅላላ ትሪያል ባላንሱም ልክ ነው።

ከዚያ ትሪያል ባላንሱን በፈንድ ሀ ብቻ አጣራነው። ዲቢት 120,000፣ ክሬዲት 180,000። በፈንድ ለ ሲጣራ ዲቢት 60,000፣ ክሬዲት ዜሮ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ወጪው ፈንዱን የሚወስደው ከረድፉ ነው፤ የአቅራቢው ተከፋይ ሂሳብ ግን የሚወስደው ከራስጌው ነው። ስለዚህ ሙሉው ዕዳ ሀ ላይ ተጻፈ። ክፍያውን ስንፈጽም ባንኩም 180,000 ከሀ ቀነሰ። ፈንድ ሀ የፈንድ ለን ስልጠና ከፈለለት ማለት ነው፣ ማንም ሳይፈቅድ። የወጪ ሪፖርቱን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም፤ ወጪው በትክክል ተከፋፍሏልና። የሚታየው ሀ ገንዘቡ አልቆ፣ በወጪ ሪፖርቱ ግን ገና 60,000 የሚቀረው ሲመስል ነው።

ያገኘነው መፍትሔ ቀላል ነው፦ አንድ ደረሰኝ፣ አንድ ፈንድ። የሱቁ ደረሰኝ ሁለት ፈንድ ከነካ ሲስተሙ ውስጥ ሁለት ሆኖ ይገባል፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ሁለት ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠብቁ። `Check Supplier Invoice Number Uniqueness` በርቶ ከሆነ ሁለተኛውን አይቀበልም፤ ስለዚህ በደረሰኝ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «/ሀ»፣ «/ለ» እንጨምራለን። ሌላው ዊዝሆልዲንግ ነው። ግብሩ የሚቆረጠው ከወለል በላይ ሲሆን ነው፤ ወለሉ የሚታየው ደግሞ በሙሉው ደረሰኝ ላይ እንጂ በግማሹ አይደለም። ሲስተሙ ግን ያስገባችሁለትን ግማሽ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለተከፈለ ደረሰኝ ዊዝሆልዲንጉን ሰው ራሱ አይቶ ነው የሚያስገባው።

የጋራ ወጪ፣ ለምሳሌ የሹፌር ደሞዝና የቢሮ ኪራይ፣ መጀመሪያ በአንድ ፈንድ ይከፈላል። በወሩ መጨረሻ በጆርናል ይከፋፈላል። ጆርናሉ ላይ ወጪውን ብቻ ማዛወር አይበቃም። «ከፈንድ የሚፈለግ» እና «ለፈንድ የሚከፈል» የሚሉ ሁለት ሂሳቦች አሉን፤ አራት ረድፍ ተጽፎ እያንዳንዱ ፈንድ ለብቻው ዲቢቱና ክሬዲቱ እኩል መሆን አለበት። የወር መዝጊያችን የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነው፦ ትሪያል ባላንሱን በእያንዳንዱ ፈንድ ማጣራት። ልዩነት ካለ የሆነ ቦታ የተደባለቀ ደረሰኝ አለ።

በጀቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኢአርፒኔክስት በጀትን በፕሮጀክት ለመቆጣጠር ያስችላል፤ ካለፈ `Stop` ወይም `Warn` ይላል። በፕሮጀክት ማሰር ለኛ አልሠራም። አንድ የውሃ ፕሮጀክት እንውሰድ። ለቧንቧ ፈንድ ሀ 900,000 ሰጥቷል፣ ፈንድ ለ 400,000። የፈንድ ለ ገንዘብ ግን ለትምህርት ቤቱ የውሃ መስመር ብቻ ነው። ከሀ 850,000 ወጥቷል፣ የፈንድ ለ አልተነካም። አሁን ለቀበሌው የውሃ መስመር የ120,000 ቧንቧ ትእዛዝ መጣ። በፕሮጀክት የታሰረ በጀት 1,300,000 ሲቀነስ 850,000፣ 450,000 ቀርቷል ብሎ ያሳልፈዋል። እውነተኛው ቀሪ ግን 50,000 ነው። ስለዚህ `Budget Against` የሚለውን `Budget Line` አደረግነው። ትእዛዙ ገና ሲጻፍ ቆመ፤ እኛም ቧንቧው ሳይገዛ በፊት ለጋሹን የመስመር ዝውውር ጠየቅን።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። እኛ በምንጠቀመው 15ኛው እትም በጀት የሚጻፈው በእያንዳንዱ ሂሳብ ነው፤ ለቡድን ሂሳብ በጀት መስጠት አይቻልም። የለጋሹ «ስልጠና» መስመር 300,000 ከሆነ ለአዳራሽ፣ ለውሎ አበልና ለጽሕፈት መሣሪያ ለየብቻ መከፋፈል አለባችሁ። ለጋሹ የሚያየው ግን ድምሩን ነው። ለዚህ ሂሳቦቹን `Warn` ላይ ትተን የመስመሩን ድምር በራሳችን ስክሪፕት እንከለክላለን። ሁለተኛ፣ በጀቱ የበጀት ዓመትን ነው የሚከተለው። የኛ ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ የብዙ ለጋሾች ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆቹ። ሰኔ 30 ላይ የቀረው በራሱ አይሻገርም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የእያንዳንዱን መስመር ቀሪ አዲስ በጀት አድርገን እናስገባለን።

ስለ ምንዛሪም አንድ ነገር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የ10,000 ዶላር መስመር በ57 ተባዝቶ 570,000 ብር ተብሎ ተመዝግቦ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 228,000 ብር ወጥቶ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር ገንዘብ 4,000 ዶላር ነው። ቀጣዩ ዙር በ110 ከገባ ቀሪው 6,000 ዶላር 660,000 ብር ነው፤ የድሮው የብር በጀት ግን 342,000 ብቻ ቀርቷል ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ `Budget Line` ላይ የውሉን የዶላር መጠን እንይዛለን፣ እያንዳንዱ ዙር የገባበትን ምንዛሪም እንመዘግባለን። የብር በጀቱ ዙር በገባ ቁጥር ይታደሳል። የትኛውን ምንዛሪ እንደሚቀበል ውሉን ማየት ነው፤ ለጋሾች በዚህ ይለያያሉ።

ከሁሉም የከበደው መነሻ ቀሪ ሂሳቡ ነበር። ሥራውን ሐምሌ 1 ላይ ጀመርን። ባንክ ውስጥ ያለውን ብር በፈንድ መከፋፈል ነበረብን። ለእያንዳንዱ ክፍት ግራንት የገባውን ገንዘብ ከባንክ ማስታወቂያ ወሰድን፣ ለጋሹ የተቀበለውን የመጨረሻ ሪፖርት ወጪ ቀነስን፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያና ያልተከፈለ ዕዳን አስተካከልን። ድምሩ ከባንኩ ጋር አልገጠመም፤ ባንኩ ይበልጣል። ትርፉን ወዲያው «ያልተገደበ» ማለት ቀላል ነበር። እኔ አልተስማማሁም። «ያልተለየ» የሚል ፈንድ ከፍተን እዚያ አስቀመጥነው፣ ወጪ እንዳይደረግበትም ዘጋነው። ከዚያ የቆዩ ግራንቶችን የመዝጊያ ደብዳቤ አንድ በአንድ ስናይ ከፊሉ ለለጋሽ መመለስ የነበረበት ቀሪ ሆኖ ተገኘ። ያንን ወደ ዕዳ አዛወርነው። ማስረጃ የተገኘለት የባንክ ወለድና የአባላት መዋጮ ብቻ ወደ ያልተገደበው ገባ። የተቀረው ዛሬም «ያልተለየ» ውስጥ ነው ያለው።