ደውሎ መጠየቅ የማያስፈልገው የቀጠሮ መልእክት እንዴት ጻፍኩ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምርመራ ማዕከል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው የምሠራው። ለታካሚ የሚላከው የቀጠሮ መልእክት ሥራውን ስረከብ የነበረው እንዲህ ይል ነበር፦ «ቀጠሮዎ 9/3 በ3:00 ሰዓት ነው። ጾመው፣ አስፈላጊ ሰነዶችን ይዘው ይምጡ።» አጭርና ጨዋ ነው። ግን መልእክቱ በተላከ ቁጥር ስልኩ ይጮሃል። ስለዚህ አዲስ ከመጻፌ በፊት ሰዎች ደውለው የሚጠይቁትን በቃላቸው እንዳለ ደብተር ላይ መያዝ ጀመርኩ። «የጠዋቱ ነው የከሰዓቱ?»፣ «በእኛ ነው በፈረንጅ?»፣ «ቡና መጠጣት ይቻላል?»፣ «የትኛው ሕንፃ ነው?» እያሉ ነበር የሚጠይቁት። መልእክቱ የተስተካከለው በዚያ ደብተር ነው።

በጣም ያስቸገረን ሰዓቱ ነበር። 3፡00 በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ነው፤ የፈረንጁን ሰዓት ለለመደ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ፣ ማለትም የእኛ 9 ሰዓት ነው። ክፋቱ ሁለቱም የሥራ ሰዓት መሆናቸው ነው። ሌሊት ላይ ቢውል ኖሮ ታካሚው «ይኼ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ይጠረጥር ነበር። ጠዋት 4 እና ከሰዓት 10፣ ጠዋት 2 እና ከሰዓት 8 እንዲሁ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻውን መጻፍ ተውኩ፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ወይም «ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ፦ «ስልክዎ 9:00 AM ሲል ማለት ነው።» ከውጭ አገር ለመጡት ብቻ የሚጠቅም መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ስልካቸው ላይ ማንቂያ የሚሞሉ የአገር ቤት ሰዎችም ይህቺን ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈልጓት።

ሌላው የሰዓት ጉዳይ ሁለት የተለያየ ሰዓት አለመጻፍ ነው። «ምርመራው 3 ሰዓት ስለሆነ 2፡45 ይድረሱ» ሲባል ሰው የሚይዘው አንዱን ብቻ ነው፤ የቱን እንደሚይዝ አይታወቅም። ካርድ ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ እኔው አስቀድሜ ቀንሼ፣ ታካሚው መስኮቱ ፊት እንዲቆም የምፈልግበትን ሰዓት ብቻ እጽፋለሁ።

ቀኑን በቁጥር መጻፍ ጨርሶ ቀረ። 9/3 ለእኛ ኅዳር 9 ነው፤ በፈረንጅ ላነበበው ግን ማርች 9 ወይም ሴፕቴምበር 3 ይሆናል። የወሩን ስም በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ይኼን ይዘጋዋል። ከሁሉም የረዳኝ ግን የዕለቱ ስም ነው። ኅዳር 9 ቀን 2018 ማክሰኞ ነው፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2025ም ማክሰኞ ነው። ቁጥሩን ስመታ ተሳስቼ ኅዳር 8 ብጽፍ «ማክሰኞ» ከሚለው ጋር ስለማይገጥም ወይ እኔ አየዋለሁ ወይ ታካሚው ይደውላል። ሁለቱን አቆጣጠር በጭንቅላቴ አላሰላም፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ጊዜ ከመስከረም እስከ የካቲት ልዩነቱ በአንድ ቀን ስለሚገፋ፣ ሁልጊዜ ከቀን መቁጠሪያው ላይ አያለሁ።

ወደ «ጾመው ይምጡ» ልምጣ። የሆድ አልትራሳውንድ ባዶ ሆድ የሚፈልገው ሰው ሲበላ የሐሞት ከረጢት ስለሚኮማተርና አንጀት ውስጥ ያለው አየር ምስሉን ስለሚጋርድ ነው። ስምንት ሰዓት ያህል ከምግብ መቆየት ይበቃል። ነገር ግን ለእኛ ሰው ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ነው፤ በጾም ወቅት ሽሮውን በልቶ «ጾሜያለሁ» ቢል ልክ ነው። ረመዳን የሚጾም ደግሞ ውሃም አይቀምስም። ስለዚህ ቃሉን ትቼ የሚደረገውን ጻፍኩ፦ ከሰኞ ማታ 4 ሰዓት በኋላ ምንም አይብሉ፤ ቡናና ሻይም አይጠጡ፤ ውሃ ይቻላል። ቡናና ሻይ በስማቸው ካልተጠሩ ብዙ ሰው ምግብ ስላልሆኑ የተፈቀዱ ይመስሉታል። «ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ሌሊቱ የሰኞ ነው የማክሰኞ የሚል ክርክር ያመጣል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ቆጠራውን ብጀምር የሚከፋው የለም።

የዳሌ አልትራሳውንድ ደግሞ የተሞላ ፊኛ ይፈልጋል፤ ታካሚዋ ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ውሃ ጠጥታ ሽንቷን ሳትሸና ነው የምትመጣው። ሁለቱን ምርመራ በአንድ የመልእክት ቅጽ ለማስተናገድ መሞከር አይሆንም፤ ለየብቻ ጻፍኳቸው። መድኃኒትን በተመለከተ መልእክቱ መወሰን የለበትም። የስኳር መድኃኒት ወስዶ ሳይበሉ መቆየት አደጋ ስላለው «መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ ይደውሉልን» ብቻ ይላል።

«አስፈላጊ ሰነዶች» የሚለው ሐረግ ለማንም አይረዳም፤ አስፈላጊውን የምናውቀው እኛ ነን። አሁን የሐኪሙ ማዘዣ ወረቀት፣ ከዚህ በፊት የተሠራ አልትራሳውንድ ካለ ውጤቱ፣ መታወቂያ ተብሎ ይዘረዘራል። ኮፒ ካልፈለግን «ዋናውን ብቻ» ብለን እንጽፋለን፤ አለበለዚያ ሰው በጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ ይንከራተታል። የክፍያው መጠንና በቴሌብር መክፈል መቻሉም እዚያው ይገባል።

ለቦታው ሰው የሚያውቀው ምልክት ያስፈልጋል፤ ግን ምልክቱ አሁን መኖር አለበት። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ሱቅና ካፌ ስለተነሳ «ከካፌው ጎን» የሚለው የቀድሞ መግለጫ ሰውን ሜዳ ላይ ያቆመዋል። እኔ ሠፈሩን፣ ከየት ወደ የት ሲሄዱ በየትኛው እጅ እንደሆነ፣ በሕንፃው ላይ የተጻፈውን ስም፣ ከዚያ ፎቁንና የክፍሉን ቁጥር እጽፋለሁ። አንዳንዱ ምድር ላይ ያለውን አንደኛ ብሎ ስለሚቆጥር «2ኛ ፎቅ፣ በሊፍቱ 2 ቁጥርን ይጫኑ» እላለሁ።

አንድ ነገር ግን የጽሑፉን ቅደም ተከተል ወሰነልኝ። በአማርኛ የሚላክ አጭር መልእክት በአንዱ ክፍል የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ሲረዝም ደግሞ እየተቆራረጠ እያንዳንዱ 67 ይይዛል። የቆዩ ስልኮች ላይ ሁለተኛው ክፍል ዘግይቶ ወይም ለብቻው ይመጣል። ስለዚህ ዋናው ነገር ሁሉ መጀመሪያው ክፍል ውስጥ መግባት ነበረበት። የታካሚው ስምም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ለአረጋውያን የሚመዘገበው ስልክ ብዙ ጊዜ የልጃቸው ነው። አሁን የምንልከው ይኼ ነው፦

«ወ/ሮ (ስም)፣ ማክሰኞ ኅዳር 9 (ኖቬምበር 18) ጠዋት 3 ሰዓት ለሆድ አልትራሳውንድ ይምጡ። ስልክዎ 9:00 AM ሲል ማለት ነው። ቦታ፦ ከመገናኛ ወደ 22 ሲሄዱ በስተቀኝ፣ (የሕንፃ ስም)፣ 2ኛ ፎቅ፣ ክፍል 204። ከሰኞ ማታ 4 ሰዓት በኋላ ምንም አይብሉ፤ ቡናና ሻይም አይጠጡ፤ ውሃ ይቻላል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ ይደውሉልን። ይዘው የሚመጡት፦ የሐኪም ማዘዣ፣ የቀድሞ ውጤት ካለ፣ መታወቂያ፤ ዋናውን ብቻ። ክፍያ (መጠን) ብር፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር። መምጣት ካልቻሉ (ስልክ) ይደውሉ።»

ከመላካችን በፊት የጽዳት ሠራተኛችንንና አንድ አስታማሚን አስነበብኳቸው። «ገብቷችኋል?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሁሉም ገብቶኛል ነው የሚለው። «ሰኞ ማታ ምን ታደርጋላችሁ? ማክሰኞስ ከቤት ስትወጡ ምን ትይዛላችሁ?» አልኳቸው። ውሃን በተመለከተ ሁለቱም ስላመነቱ ነው «ውሃ ይቻላል» የሚለው የገባው።

በዋዜማው የምንልከው ማስታወሻ ላይ «ነገ» የሚል ቃል የለም። መልእክቱ ኔትወርክ ጠፍቶ ዘግይቶ ሊገባ፣ ወይም ስልኩ ተዘግቶ አድሮ በማግስቱ ሊነበብ ይችላል። እዚያም ላይ «ማክሰኞ ኅዳር 9 ጠዋት 3 ሰዓት» ብለን ነው የምንጽፈው።