ግሱ ከስክሪኑ በታች ሲቀር

ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ጎረቤቴ ቆመዋል። «ውሃው ዛሬ ይቋረጣል ብላችሁ ሌሊቱን ባልዲ ስሞላ አደርኩ፤ ይኸው ቧንቧው እንደ ወትሮው እየወረደ ነው» አሉኝ። መልእክቱን ለነዋሪዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ። ውሃው የሚቋረጠው እሑድ እንደሆነም ጽፌያለሁ። ይህንኑ ላሳያቸው ስልካቸውን ተቀበልኩና እሑድ የምትለውን ቃል መፈለግ ጀመርኩ። አይናቸው ስለደከመ ፊደሉን አተልቀው ነው የሚያነቡት፤ እኔው የጻፍኩትን ቃል ለማግኘት ስክሪኑን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ መግፋት ነበረብኝ። ከእሑድ በፊት ደግሞ ቅዳሜ የሚል ቃል ተቀምጧል። እሳቸው እዚያ ላይ አቁመዋል፤ ማን አያቆምም?

መልእክቱ ይህ ነበር፦

«ለተከበራችሁ የሕንጻችን ነዋሪዎች በሙሉ፣ እንደሚታወቀው የውሃ ማጠራቀሚያችን ከታጠበ ረጅም ጊዜ ያለፈው በመሆኑና ከአንዳንድ ነዋሪዎችም በውሃው ጠረን ላይ ተደጋጋሚ አቤቱታ በመቅረቡ ኮሚቴው ባደረገው ስብሰባ ተወያይቶ፣ ባለሙያ አነጋግሮና ዋጋ አወዳድሮ ቀደም ሲል ቅዳሜ ጠዋት እንዲታጠብ ተወስኖ የነበረው ማጠራቀሚያ በባለሙያዎቹ አለመመቸት ምክንያት እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እንዲታጠብ የተወሰነ ስለሆነ ከቅዳሜ ማታ ጀምራችሁ ውሃ እንድታጠራቅሙና ታጥቦ ከተሞላ በኋላም እስከ ማታ 1 ሰዓት ድረስ ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃ ለመጠጥም ሆነ ለምግብ ማብሰያ እንዳትጠቀሙ በአክብሮት እናሳስባለን።»

ቆጠርኩት። ሰባ ቃል፣ አንድ አራት ነጥብ። በሰዋስው ስህተት የለበትም፤ በወረቀት ታትሞ በር ላይ ቢለጠፍ ማንም አይቀየምበትም ነበር። በእኔ ስልክ ላይ ግን በአንድ መስመር የሚያርፈው 25 ያህል ፊደል ነው፤ በጎረቤቴ ስልክ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በኮምፒውተር ላይ አራት መስመር የነበረው ዓረፍተ ነገር እኔ ዘንድ ሲደርስ 15 መስመር ሆኗል፣ እሳቸው ዘንድ ደግሞ የዚያን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ችግሩ ርዝመቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማሳጠር ይበቃ ነበር። በአማርኛ ግን ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ምክንያቱ በ«ስለሆነ» ታስሮ ከውጤቱ ይቀድማል፤ «የነበረው» እና «የሚወርደው» የሚሉት ገላጮችም ከሚገልጹት ስም ፊት ይሰለፋሉ። አሉታውም ያው ነው፤ «አትጠቀሙ» መባሉ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው። በሰፊ ገጽ ላይ ዓይን መጀመሪያውንና መጨረሻውን በአንድ እይታ ስለሚይዝ ይህ አያስቸግርም። በጠባብ ስክሪን ላይ ግን አንባቢው ግሱ እስኪመጣ የተንጠለጠለውን ሁሉ በአእምሮው ተሸክሞ መስመር በመስመር ይወርዳል። መሃል ላይ ቢተወው ቅዳሜንና ውሃን ይዞ ይቀራል፤ እሑድና «እንዳትጠቀሙ» ከስክሪኑ በታች ናቸው።

በዚያው ጠዋት ተቀምጬ መከርከም ጀመርኩ። መጀመሪያ የፈለግኩት «ተወያይቶ»፣ «አነጋግሮ»፣ «አወዳድሮ» ዓይነት ግሶችን ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የሚለጠጠው በእነዚህ ነው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነጥብ የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። በእያንዳንዳቸው ላይ ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ አንድ ነው፦ ነዋሪው ይህን አውቆ ምን ያደርጋል? ዋጋ ማወዳደራችንን አውቆ የሚያደርገው ነገር የለም። ሦስቱም ወጡ። ቀጥሎ «ስለሆነ» ላይ ቆረጥኩና ሁለቱን ክፍሎች አገላበጥኳቸው፤ ውጤቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ምክንያቱ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ወደ ታች ወረደ። «እንድታጠራቅሙና … እንዳትጠቀሙ በአክብሮት እናሳስባለን» የሚለው ደግሞ በአንድ «እናሳስባለን» ላይ ሁለት ትእዛዝ ጭኖ ነበር፤ አንደኛው አድርጉ፣ ሌላኛው አታድርጉ። ለየኋቸው።

ከዚህ በኋላ ተሳሳትኩ። ቢላዋ የያዘ ሰው ሁሉን መቁረጥ ያምረዋልና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከሦስት ቃል የማይበልጥ አደረግኩት፤ በየሁለቱ መካከልም ባዶ መስመር አስገባሁ። «ውሃ ይቋረጣል። እሑድ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ውሃ ያዙ። አትጠጡ። ማጠራቀሚያው ይታጠባል።» ለባለቤቴ ሳሳያት ከት ብላ ሳቀች። «ወታደር ነው የጻፈው?» አለችኝ። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን የባሰ ነበር፦ «አትጠጡ ያላችሁት ውሃው ተበክሎ ነው?» «ስለሆነ» ሲወጣ ምክንያትና ውጤትን ያገናኘው ክር አብሮ ወጥቷል፤ አንባቢው በራሱ ይገጣጥመዋል፣ በራሱ ሲገጣጥም ደግሞ የሚቀርበው ክፉው ነው። ባዶ መስመሮቹም መልእክቱን ከመጀመሪያው የማያንስ ረጅም አድርገውታል። ሁሉም ነገር ለየብቻው ከቆመ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ የሚነግር ነገር አይኖርም።

ስለዚህ መልሼ ሰፋሁት። አሁን የምይዘው ልክ ይህ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ በእኔ ስልክ ከሦስት መስመር አይበልጥ፣ ይህም ከ8 እስከ 12 ቃል ይሆናል፤ አንቀጹ ከአምስት መስመር አይበልጥ፤ ባዶ መስመር የሚገባው አንባቢው የሚያደርገው ነገር ሲለወጥ ብቻ ነው። ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር በ«ስላልተመቻቸው» ዓይነት አጭር ማያያዣ ማሰር ይቻላል፤ ጉዳት የሚያመጣው ማያያዣው በላይ በላዩ ሲደረብ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። አንደኛው ሙከራዬ «ቅዳሜ የነበረው የማጠራቀሚያ እጥበት ወደ እሑድ ተዛውሯል» ብሎ ይጀምር ነበር። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ያው ስህተት ግን አለበት፤ የተሻረው ቀን ከሚሠራው ቀን ቀድሞ ዓይን ይገባል። ሌላው ሐሳብ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን ማስቀደም ነበር፤ ማለትም ቅዳሜ ማታ ውሃ መያዝን። በጊዜ ቅደም ተከተል ትክክል ነው። ነገር ግን ለምን እንደሚይዝ ሳያውቅ ያዝ የተባለ ሰው የሚያስታውሰው ቀኑን ብቻ ነው፤ ያም ቀን ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ክስተቱ ቀደመ፣ ድርጊቱ ተከተለ፣ የተሻረው ቀን መጨረሻ ሄደ።

ውጤቱ ይህን መሰለ፦

«እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ይቋረጣል። ቅዳሜ ማታ የሚበቃችሁን ውሃ ያዙ።

ውሃው ሲመለስ እስከ እሑድ ማታ 1 ሰዓት ድረስ አትጠጡት፤ ምግብም አታብስሉበት። ማጠቢያው ክሎሪን እስኪወጣ ነው።

ማጠራቀሚያው ይታጠባል ያልነው ቅዳሜ ነበር። ባለሙያዎቹ ስላልተመቻቸው ቀኑ ተለውጧል።»

ይህን የማደርገው ሁልጊዜ አይደለም። መልእክቱ የሚመለከተው የተወሰኑ ሰዎችን ከሆነ ተቀባዩ መቅደም አለበት፤ «ከአራተኛ ፎቅ በላይ ያላችሁ፦» ብዬ ስጀምር የታችኞቹ ማንበባቸውን ያቆማሉ፣ ማቆማቸውም ትክክል ነው። ድርጊቱን ከማድረጉ በፊት መታወቅ ያለበት ሁኔታም እንዲሁ ይቀድማል። «ማሞቂያውን አብሩ፣ ጋኑ መሙላቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ» ብዬ ብጽፍ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያነበበ ሰው ባዶ ጋን ያቃጥላል።

መልእክቱን ከመላኬ በፊት ለጎረቤቴ ስልክ ብቻ ላክሁት። እንዲያነቡት ሰጠኋቸው፣ ወደ አሥር ቆጥሬ ስልኩን ተቀበልኳቸውና «ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ማታ እሞላለሁ፤ ነገ እስኪመሽ አልጠጣም» አሉኝ። ከዚያ ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። «ልጄ፣ ሰላምታ እንኳ የለውም?» እውነታቸውን ነው። የመጀመሪያውን መልእክት ከላይ የሞላው ክብር ነበርና ክብሩን ከነመስመሮቹ ጠርጌዋለሁ። በማሳወቂያው ላይ ሳይከፈት የሚታየው መጀመሪያው አንድ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ ያንን ለ«ለተከበራችሁ … በሙሉ» መስጠት አልፈለግኩም። «ሰላም ለሁላችሁ።» ብዬ እዚያው መስመር ላይ «እሑድ» ቀጠለ። እሳቸውም ተስማሙ።

ሁለት ጥቃቅን ነገሮችም በእሳቸው ስልክ ላይ ነው የታዩኝ። ከአራት ነጥቡ በፊት ክፍተት የመተው ልማድ አለኝ፤ በጠባብ መስመር ላይ ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ወርዶ ተቀምጧል። ከኮምፒውተር ላይ ስጽፍ ደግሞ በመስመሩ መጨረሻ ላይ በእጄ ወደ አዲስ መስመር አልፌ ነበር፤ ስልኩ ላይ አንዱ መስመር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል ሆኖ ተንጋዷል። መስመሩን ስልኩ ራሱ ይስበረው፤ የእኔ ድርሻ አንቀጹ ነው።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ የሚቀበል ስልክ ላላቸው ሦስት ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ጠባብ በር አለ። አጭር መልእክት 140 ባይት ነው፤ የላቲን ፊደል ከ1 ባይት ትንሽ ያነሰ ስለሚወስድ 160 ይገባል፣ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሚወስድ ከነክፍተቱ 70 ብቻ ነው የሚገባው። ሲያልፍ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል ወደ 67 ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ስቀንስና ስጨምር ቆይቼ ይህን ላክሁ፦

«እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ውሃ ይቋረጣል። ቅዳሜ ማታ ውሃ ያዙ። እሑድ እስከ ማታ 1 ሰዓት ከቧንቧ አትጠጡ።»

ልክ 70። ሰላምታው አልገባም፤ ለሦስቱም ደውዬ ሰላም አልኳቸው።

ከወር በኋላ ስለ አሳንሰር ጥገና የጻፍኩትን ለሰብሳቢያችን ሳሳያቸው ከመጀመሪያው ቃል ፊት «እንደሚታወቀው» ብለው ጨመሩበት። አልተከራከርኩም። ቃሏን አንስቼ ምክንያቱ ያለበት የመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ አስገባኋት፤ እዚያ እስካሁን በሰላም ትኖራለች።