በሳምንት አንድ ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ሆኜ የምለጥፈው

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የአስመጪዎችን ዕቃ ከጅቡቲ እስከ ደረቅ ወደቡ እከታተላለሁ፣ ሰነዱንም አስጨርሳለሁ። ደንበኞቼ ባብዛኛው የደሴ ነጋዴዎች ናቸው። በዚህ ሥራ እገሌ ለእገሌ ካልነገረልህ ማንም አያውቅህም። እኔም ከዚያ ሰፋ ልበል ብዬ በቴሌግራምና በሊንክድኢን በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ መለጠፍ ጀመርኩ።

በእኛ ሙያ የሚለጠፈው የታወቀ ነው። ኮንቴይነር አጠገብ ቆሞ የተነሱት ፎቶ፣ የሥልጠና ሰርተፍኬት፣ «ፈጣንና አስተማማኝ አገልግሎት»፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር። ደሴ ላይ እንዲህ ያለውን የሚያይ ነጋዴ «ጉራውን ይቸረችራል» ብሎ ያልፋል። እውነቱን ነው፤ ለእሱ የሚጠቅም አንድም ነገር የለበትም።

የእኔ ደንብ አንድ ናት። በሳምንቱ ደንበኛ የጠየቀኝን አንድ ጥያቄ እወስዳለሁ፤ መልሱን ደግሞ አንባቢው ሳይደውልልኝ ራሱ ሊሠራበት እንዲችል አድርጌ እጽፋለሁ። መልሱን ግማሽ ሰጥቶ «ለቀሪው በውስጥ መስመር ያናግሩኝ» ማለት የለም። እሱ ማስታወቂያ ነው፣ ሰውም ወዲያው ይነቃበታል።

ጥያቄ ከየት ይመጣል? ከስልክ። ማታ ቤት ስገባ በቀኑ የተጠየቅሁትን በማስታወሻ ደብተር ላይ በጠያቂው አነጋገር እጽፋለሁ። ቅዳሜ ገልጬ አያለሁ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ያነሱት ነገር ካለ የሳምንቱ ጽሑፍ እሱ ነው። እሁድ ማታ እለጥፈዋለሁ፤ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። አንድ የደሴ ሐጂ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ 300 ካርቶን ነው፣ 28 ኪዩብ ከምናምን ይሆናል ብለውኛል። ባለ 20ው ይበቃኛል አይደል?» አሉኝ። «ሐጂ፣ ገንዘቡን ልከዋል?» አልኳቸው። አልላኩም ነበር። «እንግዲያው የካርቶኑን ቁመት፣ ወርድና ርዝመት ይላኩልኝ» አልኳቸው።

ካርቶኑ 60 በ40 በ40 ሳንቲሜትር ነው። አንዱ 0.096 ኪዩብ፣ 300ው 28.8 ኪዩብ ይሆናል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ በግምት 5.89 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ወርድ፣ 2.39 ቁመት አለው። ሲባዛ 33 ኪዩብ ነው። 28.8 ከ33 ያንሳል፣ ስለዚህ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል። ግን ካርቶን ውሃ አይደለም፣ ጥግ ጥጉን አይሞላም።

ጽሑፉ ላይ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ አስቀመጥኩት። በወርዱ በኩል ሦስት ካርቶን በ60ው ጎን፣ አንድ ደግሞ በ40ው ጎን ይደረደራል። ይህ 2.20 ሜትር ነው፤ የሚተርፈው 15 ሳንቲሜትር ምንም አይዝም። በርዝመቱ ሦስቱ ረድፎች እያንዳንዳቸው 14 ካርቶን ይይዛሉ፣ አራተኛው 9። ወለሉ ላይ 51 ካርቶን አረፈ ማለት ነው። ወደ ላይ አምስት ድርብ ይደረደራል፤ ከዚያ በላይ 39 ሳንቲሜትር ይቀራል። ለስድስተኛው ድርብ አንድ ሳንቲሜትር ጎደለ! 51 በ5 ሲባዛ 255። አርባ አምስት ካርቶን ውጭ ቀረ።

ሐጂ ላኪያቸውን አነጋግረው ፕሮፎርማውን በ255 ካርቶን አስተካከሉ። ዕቃው ተከፍሎበት መጋዘን ከደረሰ በኋላ ቢታወቅ ኖሮ የተረፈው ካርቶን ለብቻው ሌላ ማጓጓዣ ይፈልግ ነበር፣ ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱም ከተጫነው ጋር አይገጥምም ነበር።

ይህን ስለጥፍ የሐጂን ስም ብቻ አይደለም የተውኩት። ዕቃው ምን እንደሆነም፣ ከየት እንደሚመጣም አልጻፍኩም። ደሴ ትልቅ ከተማ ናት፣ ግን ነጋዴው ይተዋወቃል። «አንድ የሴራሚክ አስመጪ» ካልክ ማን እንደሆነ ገበያው እስከ ምሳ ሰዓት ያውቃል፤ ተፎካካሪው ደግሞ ምን ያህል እንዳዘዘ ጭምር። ሳልለጥፈውም በፊት ለራሳቸው አነበብኩላቸው። «ስሜ የለበትም፣ ልቀቀው» አሉኝ።

ፎቶ ላይ ደግሞ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ የማይጠነቀቁት ነገር አለ። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው። ያንን ቁጥር የያዘ ማንም ሰው የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ኮንቴይነሩ የት እንዳለ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን፣ የመኪናውን ታርጋና የማሸጊያውን ቁጥር ቆርጬ አወጣለሁ። «ጭነታችን አሁን ሚሌን አልፎ ወደ ባቲ እየመጣ ነው» የሚል ነገር ጨርሶ አልለጥፍም። መንገድ ላይ ያለ ንብረት የት እንዳለ ለማያውቁት ሰው አይነገርም። ፎቶው የሚወጣው ዕቃው ተራግፎ ባለቤቱ ከተረከበ በኋላ ነው፤ ያም ሲፈቅድ።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ያለው ከጽሑፉ ይበልጣል እላለሁ። የካርቶኑን ስሌት ያየ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ «ካርቶኑን ብታቆመው 261 ይገባል» ብሎ ጻፈ። ሠርቼ አየሁት፤ ልክ ነው። በ60ው ጎን የቆሙ ሦስት ድርቦች እያንዳንዳቸው 70፣ ከላያቸው አንድ የተጋደመ ድርብ 51። ሌላው ተከትሎ «ካርቶኑ ላይ ወደ ላይ የሚል ቀስት ካለስ?» አለ። ቀስት ካለ ማዞር አይቻልም፣ ውስጡ ይጎዳል። የሚቀጥለው እሁድ ጽሑፍ ከዚህ ወጣ፤ ካርቶን ላይ የሚታተሙ ምልክቶች ምን ማለት እንደሆኑ። ቀስቱን ያነሳውን ልጅ አስተያየት ከነስሙ ልጥቀስ ወይ ብዬ ጠይቄው፣ ደስ ብሎት ፈቀደ። የራስን ስም ደጋግሞ ከማንሳት ይልቅ የሰውን ዕውቀት ማንሳት የተሻለ እንደሚያስተዋውቅ ያየሁት ያኔ ነው።

የማልነካቸው ርዕሶችም አሉ። የቀረጥና የታክስ መጣኔ ዛሬ የጻፍከው ነገ ሊቀየር ይችላል፤ ሰው ግን የድሮውን ጽሑፍ እየላላከ ይኖራል። መጻፍ ግድ ከሆነ የመመሪያውን ቁጥርና ቀን ከላይ አስቀምጣለሁ፣ ሲለወጥ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ አስተካክላለሁ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ስልኬ አላርፍ ብሎ ነበር። የምሰማው ሁሉ ወሬ ነበርና በዚያ ሳምንት ስለ ምንዛሪ አልጻፍኩም። ስለ ኮንቴይነር ክብደት ጽፌ አለፍኩ። የመሥሪያ ቤት ወቀሳም አልለጥፍም። ጭብጨባ ያመጣል፣ ግን ነገ ያው መስኮት ላይ የደንበኛን ሰነድ ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ።

እየሠራ መሆኑን በላይክ አልለካም። ላይክ የሚያደርጉልኝ የሙያ ጓደኞቼ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ዕቃ አያስመጡም። የማየው ጥያቄው መቼ እንደሚመጣ ነው። ድሮ ሰው የሚደውለው ዕቃው ወደብ ላይ ቆሞ፣ ወጪው መቁጠር ከጀመረ በኋላ ነበር። አሁን ፕሮፎርማ እጁ እንደገባ፣ ገንዘብ ሳይልክ «አንተ የካርቶኑ ልጅ ነህ?» ብሎ የሚደውል አለ። ሥራውን ለሌላ ትራንዚተር የሚሰጥም አለ። ያም ቢሆን ጥያቄው ደብተሬ ላይ ይገባል።