ካርድዎ የለም

አብሮ አደጌ ሰሞኑን ደውሎ «አንተ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ምን ትሠራለህ? ኮምፒውተር ይጠበቃል እንዴ?» አለኝ። ዘበኛ ነህ ወይ ማለቱ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ አሜሪካ የሌሊት ፈረቃ ኢንጂነርና ዘበኛ የሚለያዩት በካፖርቱ ብቻ ነው። እስቲ አንዷን ሌሊት ላውራችሁ።

እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ነው። የምንከታተለው የአንድ ሆስፒታል የቀጠሮ ሲስተም ነበር። ማምሻውን የዋናው ሰርቨር ዲስክ ተበላሽቶ ሥራው ወደ ተጠባባቂው ዞሯል፤ ስክሪኑ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሽሮዬን በማይክሮዌቭ አሙቄ (ስለ ሽታው የተባልኩትን ለሌላ ቀን ላቆየው) ልጎርስ ስል የድንገተኛ ክፍል መዝጋቢዋ ደወለች። «አንዳንዱ በሽተኛ አለ፣ አንዳንዱ የለም ይለኛል። የሌለውን እንደ አዲስ እየመዘገብኩ ነው» አለችኝ።

ወዲያው ስድስት ሰው በስልክ ስብሰባ ገባ። ሁሉም ኔትወርክ ነው አለ። ኔትወርክ ግን ሰው አይመርጥም፤ ሲበላሽ ሁሉንም ነው የሚከለክለው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው፦ ሴትዮዋ የመዘገበችው በበሽተኛው በራሱ በድሮ የካርድ ቁጥር ነው። ሲስተሙ «ይህ ቁጥር ተይዟል» ብሎ መመለስ ነበረበት። ዝም ብሎ ተቀበላት። እንግዲህ ፈላጊውም ከልካዩም አንድ ኢንዴክስ፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተደረደረ የመዝገቡ ማውጫ ነው፤ ሁለቱም አብረው ታወሩ ማለት ነው። ዳታቤዙን (ፖስትግሬስ ነው) ኢንዴክሱን ትቶ ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብ አዘዝኩት፦

```
SET enable_indexscan = off;
SET enable_indexonlyscan = off;
SET enable_bitmapscan = off;
SELECT * FROM patient WHERE card_no = '1-1047';
```

የለም የተባለው ሰውዬ ከነአዲሱ መንታው ብቅ አለ። ቀጥዬ `bt_index_check` የሚባለውን መርማሪ ሳስኬድ `item order invariant violated` ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። የኢንዴክሱ ቅደም ተከተል ተዛብቷል።

የኛን አገር ካርድ ክፍል አስቡት። አሮጌው ሠራተኛ የፀሐይን ካርድ በ«ፀ» መደርደሪያ አስቀምጦ ጡረታ ወጣ። አዲሱ መጥቶ በ«ጸ» ይፈልጋል። ካርዱ አልጠፋም፣ መደርደሪያውም አልተነካም፤ የተለወጠው የፈላጊው ፊደል አቆጣጠር ነው። «ካርድዎ የለም፣ አዲስ ያውጡ!» ይላችኋል። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። በሊኑክስ ፊደል የሚደረድረው `glibc` እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.28 እትሙ የአደራደር ደንቡን ለውጧል። በድሮው ደንብ ሰረዝ ከቁጥር ስለማይገባ `11` ከ`1-1` ይቀድማል፤ በአዲሱ `1-1` ይቀድማል። ዋናው ሰርቨር የድሮውን እትም ይዞ ነበር፤ ተጠባባቂው አዲሱን። ኢንዴክሱ በድሮው ደንብ እንደተደረደረ ባለበት ተገለበጠና አዲሱ ሰርቨር በራሱ ደንብ ሲፈልግ መንገድ ሳተ። የሆስፒታሉ ካርድ ቁጥሮች ደግሞ ግማሾቹ ሰረዝ አላቸው። አንዳንዱ ያለ፣ አንዳንዱ የሌለ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ይህን በስብሰባው ላይ ተናገርኩ። ዝም አሉ። ደገምኩት። አለቃው «ይቅርታ፣ መስመሩ ጥሩ አይደለም» አለኝ። መስመሩስ ደህና ነበር፤ ያልተወደደው የእኔ እንግሊዝኛ ነው። አንዱ ባልደረባዬ ያንኑ የኔን ቃል በነሱ ቅላጼ ሲደግመው «ግሩም ሐሳብ!» ተባለ። አገሬ ብሆን ጠረጴዛ እደበድብ ነበር። ወደዚህ የምትመጡ ልጆች፣ ኮዱን ተዉት፣ እሱ ይለመዳል፤ በስልክ ሰው አቋርጦ መናገርን ተለማመዱ። እኛ «ሰው ሲናገር አይገባም» ተብለን ነው ያደግነው፤ እዚህ ያላቋረጠ አልነበረም ይባላል። የምታገኙትን ደግሞ ወዲያው በጽሑፍ አስፍሩ፤ ጽሑፍ ቅላጼ የለውም።

መፍትሔው `REINDEX` ነው፤ ኢንዴክሱን በአዲሱ ደንብ እንደገና መሥራት። ግን እምቢ አለ፤ መንታ ቁጥር እያለ፣ ቁጥር እንዳይደገም የሚከለክል ኢንዴክስ አይሠራም። አለቃው «አዲሶቹን ሰርዛቸው» አለኝ። እዚህ ላይ አቋረጥኩት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ! የአንዱ በሽተኛ የዛሬ ሌሊት አለርጂ የተጻፈው በአዲሱ መዝገብ ላይ ነበር። ምዝገባውን አስቁመን መንታዎቹን አንድ በአንድ ለሴትዮዋ አነበብኩላት፤ እሷ የሰውዬውን ካርድ እያየች ወሰነች፣ እኔ አዋሃድኩ። ከዚያ በኋላ ኢንዴክሱ በጥቂት ደቂቃ ተሠራ። የቀሩትንም የጽሑፍ ኢንዴክሶች አብሬ አደስኳቸው። ሲነጋ ቀጠሮ ያለው ሁሉ ስሙ ተገኘ።

ጠዋት የምስጋና ኢሜይል መጣ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የአባቴን ስም ስለሚያስቀድም፣ ምስጋናው የተጻፈው በአባቴ ስም ነው። ደውዬ አነበብኩለት።

«እኔ ምን አደረግሁላቸው?» አለ። «ደግሞ በላህ ወይ?»

ሽሮዬ ማይክሮዌቭ ውስጥ ደርቋል።