«ሉፕ ውስጥ ሉፕ አለ» ተብዬ ያበላሸሁት ኮድ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ሦስት ሳምንት ከማባከንና አንድ አዛውንት ከማስቀየም እድን ስለነበር ነው።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። በአንድ የአበባ እርሻ ማቀዝቀዣ ክፍሎች ውስጥ 12 የሙቀት መለኪያዎች ተተክለዋል። እያንዳንዳቸው በየሰከንዱ አንድ ንባብ ይልካሉ። ከእኔ የሚፈለገው «ባለፈው አንድ ሰዓት ከፍተኛው ሙቀት ስንት ነበር?» ለሚለው ጥያቄ በየሰከንዱ መልስ መስጠት ነው። መስኮቱ 3,600 ንባብ ይይዛል፤ አዲስ ንባብ በመጣ ቁጥር አንድ እርምጃ ይንሸራተታል።

መጀመሪያ የጻፍኩት ማንም የሚጽፈውን ነው፦ በየሰከንዱ የመጨረሻዎቹን 3,600 ቁጥሮች ቆርጦ ትልቁን መፈለግ። የ30 ቀን መረጃ 2,592,000 ንባብ ነው። በ3,600 ሲባዛ ለአንድ መለኪያ ብቻ ከ9 ቢሊዮን በላይ ማወዳደር ይሆናል። የ12ቱንም ለመጨረስ ኮምፒውተሩ ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጀ። ስለዚህ ወደ ዴክ ዞርኩ። ዴክ ከሁለቱም ጫፍ ማስገባትና ማስወጣት የሚቻልበት ሰልፍ ነው።

ሐሳቡ የሚመጣው አንድ ነገር ከማስተዋል ነው። ከአንድ ንባብ በኋላ የሚበልጠው ወይም የሚተካከለው ሌላ ንባብ ከመጣ፣ ፊተኛው ከዚያ በኋላ ለመልስ አያስፈልግም። አዲሱ አያንሰውም፤ ከመስኮቱም የሚወጣው ከእሱ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ንባብ ሲመጣ ከሰልፉ ጭራ ጀምሮ የማይበልጡትን ሁሉ አሰናብቶ ራሱ ጭራ ላይ ይቆማል። ሰልፉ ከፊት ወደ ኋላ ሁልጊዜ እየቀነሰ ስለሚሄድ መልሱ ግንባሩ ላይ የቆመው ነው። ጊዜው ሲያልፍ እሱም ከፊት ይወጣል።

```python
from collections import deque

def window_max(a, k):
    dq = deque()
    for i, x in enumerate(a):
        while dq and a[dq[-1]] <= x:
            dq.pop()
        dq.append(i)
        if dq[0] <= i - k:
            dq.popleft()
        if i >= k - 1:
            yield a[dq[0]]
```

ሰልፉ ውስጥ የሚገባው የንባቡ ተራ ቁጥር እንጂ ዋጋው አይደለም። አለበለዚያ ማን ጊዜው እንዳለፈበት ማወቅ አይቻልም።

እስከዚህ ድረስ ምንም ስህተት አልሠራሁም። ስህተቱ የመጣው በኮድ ግምገማው ነው። በመሥሪያ ቤታችን የኮድ አጻጻፍ መመሪያ ውስጥ «ብዙ መረጃ በሚያልፍበት ቦታ ሉፕ ውስጥ ሉፕ አይፈቀድም» የሚል አንቀጽ ነበር። ገምጋሚው `for` ውስጥ `while` ሲያይ ኮዱን በአንድ መስመር አስተያየት መለሰው፦ ይህም ያው የንባቡ ብዛት በመስኮቱ ስፋት የሚባዛበት ሥራ ነው፣ አስተካክል። መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ ግን መልሱን አላውቀውም ነበር። ኮዱ እንደሚፈጥን በሰዓት ለክቼ አይቻለሁ፣ ለምን እንደሚፈጥን ግን ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ታዘዝኩ። ከፊት ለማስወጣት `if` ከበቃ ከኋላም ይበቃል ብዬ `while` የሚለውን ቃል በ`if` ተካሁት። ገምጋሚው አጸደቀው። ሁለታችንም ረክተን ወደ ቤታችን ሄድን።

የማቀዝቀዣው ጠባቂ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። መለኪያዎቹ ከመተከላቸው ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ በተንጠልጣይ ቴርሞሜትር እያዩ በደብተር ይመዘግባሉ። አንድ ቀን ደብተራቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ከረፋዱ 4:40 ላይ በሩ ተከፍቶ ሰባት ነጥብ ስምንት ደርሶ ነበር። የ5 ሰዓቱ ሪፖርትህ ግን ከፍተኛው ስድስት ነጥብ ሁለት ነው ይላል» አሉኝ። እኔም ደብተሩን በወጉ ሳላይ ቴርሞሜትሩ አርጅቶ ይሆናል አልኳቸው። አንድም ቃል ሳይመልሱ ደብተራቸውን ዘግተው ሄዱ። እስከ ዛሬ የምጸጸትበት ይህ ነው፤ የኮዱ ስህተት እንኳ ያን ያህል አይቆጨኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥሬውን መረጃ ከፍቼ ሳይ 7.8 እዚያው ቁጭ ብሏል። የሆነውን ለማየት አራት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ 6፣ 4፣ 2፣ 7፤ መስኮቱም አራት ይሁን። ሙቀቱ ሲወርድ ማንም ማንንም ስለማያሰናብት ሰልፉ 6፣ 4፣ 2 ይሆናል። 7 ሲመጣ `while` ቢሆን 2ን፣ 4ን፣ 6ን አሰናብቶ ብቻውን ይቆም ነበር። `if` ግን 2ን ብቻ አሰናብቶ ያበቃል። ሰልፉ 6፣ 4፣ 7 ይሆናል፤ ግንባሩ 6 ነው፣ ሪፖርቱም 6 ይላል። ትልቁ ቁጥር ከትንንሾቹ ኋላ ተደብቋል። የጋሼም ቀን እንዲሁ ነበር፦ ሙቀቱ 4:05 ላይ 6.2 ደርሶ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ከዚያ በሩ ሲከፈት ወደ 7.8 ተወረወረ። ይህ ስህተት ፕሮግራሙን አያስቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አያወጣም። ሙቀቱ ረጋ ባለባቸው ሰዓታት መልሱ ትክክል ይሆናል፤ የሚዋሸው ልክ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው።

ለገምጋሚው መስጠት የነበረብኝ መልስ ይኸው ነው። የ`while`ን ዙር በአንድ ንባብ አትቁጠር፤ በጠቅላላው ሩጫ ቁጠር። የታክሲ ሰልፍን አስብ። ሰው ሲሰለፍ አንድ ጊዜ ይገባል፤ ሲወጣ ወይ ከፊት ተሳፍሮ ወይ መጠበቅ ታክቶት ነው፣ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ። አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ የወጡት ሰዎች ከገቡት ሊበልጡ አይችሉም። እዚህም `append` ለእያንዳንዱ ንባብ አንድ ጊዜ ይጠራል፣ ለ30 ቀን 2,592,000 ጊዜ። `pop` እና `popleft` ተደምረው ከዚያ አይበልጡም፤ `while` በገባ ቁጥር ደግሞ አንድ `pop` ያደርጋል። ከላይ ባለው ምሳሌ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ንባቦች ማንንም አላሰናበቱም፤ አራተኛው ሦስቱን አሰናበተ። ሰልፍ ውስጥ ያልገባን ማስወጣት ስለማይቻል፣ ብዙ የሚያሰናብት ንባብ የሚመጣው ብዙዎቹ ሳያሰናብቱ ካለፉ በኋላ ብቻ ነው። ጠቅላላው ከ5,184,000 ማስገባትና ማስወጣት አይዘልም፤ የመስኮቱ ስፋት በሒሳቡ ውስጥ የለም።

በቃል ብቻ እንዳላምን ቆጣሪ አስገባሁ። የገቡት ሲቀነሱ የወጡት፣ መጨረሻ ላይ ሰልፉ ውስጥ ከቀሩት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሆነም። በአንድ ንባብ የሚሰናበቱትም ካሰብኩት በታች ነበሩ። መለኪያው በአንድ አሥረኛ ዲግሪ ነው የሚመዘግበው፤ `<=` እኩያን ስለሚያስወጣ በሰልፉ ውስጥ አንድ ዋጋ ሁለት ጊዜ አይገኝም። ሙቀቱ ከ2 እስከ 9 ዲግሪ ቢዋዥቅ ሰልፉ ከ71 አይበልጥም። `<` ብጽፍም መልሱ ትክክል ነው፣ ግን ክፍሉ ሙቀቱ ሳይለወጥ አንድ ሰዓት ከቆየ 3,600 እኩዮች ይሰለፋሉ። አንድ ገደብ ግን አልክድም፦ ጥቂቱ ጠቅላላው ነው እንጂ እያንዳንዱ እርምጃ አይደለም። እያንዳንዱ ንባብ በተወሰነ ማይክሮሰከንድ ውስጥ ማለቅ ያለበት ሥራ ከሆነ ይህ ልዩነት ያስጨንቃል። ለእኔ ግን አንድ ሙሉ ሰከንድ ነበረኝ።

ጋሼን ይቅርታ ጠይቄ ለሁለት ወር በየሳምንቱ ከደብተራቸው ጋር ሳመሳክር አንድ ቀን ብቻ ተለያየን። መብራት ጠፍቶ መለኪያዎቹ ለአርባ ደቂቃ ምንም አልላኩም ነበር። የመጨረሻዎቹ 3,600 ንባቦች ያን ቀን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይሸፍናሉ። ስለዚህ በተራ ቁጥር ፋንታ የንባቡን ሰዓት ከዋጋው ጋር ይዤ ከፊት በሰዓት ማስወጣት ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ከፊት ያለውም `if` አይበቃም፤ መብራቱ ሲመለስ በአንድ ንባብ ብዙዎች ጊዜያቸው ያልፋል። እሱንም `while` አደረግሁት። አሁን `for` ውስጥ ሁለት `while` አለ። ለግምገማ ስልከው የቆጣሪውን ቁጥሮች ከጎኑ ጻፍኩ። ገምጋሚው ያለ አስተያየት አጸደቀው፤ የመመሪያው አንቀጽ ግን እስካሁን አልተነካም።